እሳቱ ከተከራዩ ምድጃ ሲነሳ፦ የተከራይ መድን፣ የአከራይ መድን እና የኪራይ ውሉ አንቀጾች

ዘይት ምድጃ ላይ ተጥዶ ስልክ ይጠራል። ተከራይዋ ሳሎን ገብታ ስታወራ አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ ስትመለስ ነበልባሉ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን ቁም ሳጥን ይዞታል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው ያጠፉታል፣ ሰውም አልተጎዳም። ነገር ግን ወጥ ቤቱ ነዷል፣ ጭሱ መኝታ ቤት ድረስ ገብቷል፣ የተረጨው ውኃ ደግሞ በወለሉ ሰርጎ ከታች ወዳለው ጎረቤት ቤት ወርዷል።

ይህ መመሪያ አሜሪካ ውስጥ ለሚከራዩና ለሚያከራዩ ሰዎች የተጻፈ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይህን አንድ እሳት ይዞ ይሄዳል። በመድን ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ተከራዮች ሲጎዱ ያየሁት መድን ስላልነበራቸው ብቻ አይደለም። መድን ያላቸውም ተጎድተዋል፤ የኪራይ ውላቸው «ትከፍላለህ» የሚለውና የመድን ውላቸው «እከፍልልሃለሁ» የሚለው አንድ አለመሆኑን ያወቁት ከጉዳቱ በኋላ ነበር። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን በመዘርጋት ነው።

1. የትኛው መድን የማንን ንብረት እንደሚሸፍን ይለዩ

የአከራይ መድን ሕንፃውን ይሸፍናል፦ ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ ጣሪያውን፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመሩን፣ ባለቤቱ ለተከራይ መገልገያ ያስቀመጠውን ምድጃና ማቀዝቀዣ። ቤቱ በአደጋው ምክንያት መኖሪያ መሆን ካልቻለ ጥገናው እስኪያልቅ የቀረውን ኪራይም ይተካል። የተከራዩን አልጋ፣ ልብስና ኮምፒውተር ግን አይነካም። «ሕንፃው መድን አለው» ሲባል ሰምተው ዕቃቸውም የተሸፈነ የሚመስላቸው ተከራዮች ብዙ ናቸው። የቨርጂኒያ ሕግ ይህን ስለሚያውቅ፣ የተከራይ መድን እንዲገባ የማይጠይቅ አከራይ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የእርሱ መድን የተከራዩን ዕቃ እንደማይሸፍን በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። ማስታወቂያው የተከራይ መድን የጎርፍ ጉዳትን እንደማይሸፍንም መናገር አለበት።

የተከራይ መድን፣ በመድን ሰዎች ቋንቋ ኤች ኦ 4 የሚባለው፣ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ይዞ ይመጣል። አንደኛው የተከራዩን ዕቃ ይተካል። ሁለተኛው ቤቱ ሲበላሽ ሌላ ቦታ ለመኖር የሚወጣውን ተጨማሪ ወጪ ይከፍላል። ሦስተኛው የኃላፊነት ሽፋን ነው፤ ተከራዩ በቸልተኝነት በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ሲያደርስ የሚጠየቀውን ካሳ ይከፍላል፣ ጠበቃም ያቆምለታል። ሰው መድኑን የሚገዛው ለዕቃው ብሎ ነው፤ ዋጋው የሚታየው ግን በሦስተኛው ላይ ነው። ዕቃ ሁሉ ቢቃጠል አሥራ አምስት ሺህ ወይም ሃያ ሺህ ዶላር ይሆናል፤ የሰው ሕንፃ ማቃጠል ግን መጨረሻ የለውም።

አንድ ነገር እዚሁ ያጣሩ። የመድን ውሉ የሚሸፍነው ስሙ የተጻፈውን ሰውና አብረውት የሚኖሩ ዘመዶቹን ነው። አብሮ የተከራየ ጓደኛ ዘመድ ስላልሆነ ስሙ በውሉ ላይ ካልተጨመረ አይሸፈንም። ሦስት ጓደኛሞች ተከራይተው አንዱ ብቻ መድን ገብቶ ሌሎቹ «አለን» ብለው ሲኖሩ አይቻለሁ። እሳቱን ያስነሳው መድን ያልገባው ቢሆን ምን ሊፈጠር እንደነበር አስቡት።

2. በኪራይ ውሉ ውስጥ አራት አንቀጾችን ይፈልጉ

የኪራይ ውል ሠላሳ ገጽ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልጉት ግን አራት አንቀጾች ናቸው። ማቅለሚያ ይዘው ያስምሩባቸው።

የመጀመሪያው መድን የሚጠይቀው አንቀጽ ነው። ብዙ ጊዜ «ተከራዩ ቢያንስ የመቶ ሺህ ዶላር የኃላፊነት ሽፋን ይኑረው» ይላል። ልብ ይበሉ፦ የሚጠይቀው የኃላፊነት ሽፋን ነው እንጂ የዕቃ ሽፋን አይደለም። አከራዩ የሚያስበው ለሕንፃው ነው። በዚሁ አንቀጽ ውስጥ የአከራዩ ስም በተከራዩ መድን ላይ እንዲገባ የሚል ዐረፍተ ነገር አይጠፋም፤ እዚህ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮች አሉ። አከራዩ «ባለ ጉዳይ» ሆኖ ቢመዘገብ መድኑ ሲሰረዝ ወይም ሳይታደስ ሲቀር ማስታወቂያ ይደርሰዋል፤ ከዚያ ያለፈ መብት የለውም። «ተጨማሪ መድን ገቢ» ሆኖ ቢመዘገብ ግን በተከራዩ መድን ራሱ ይሸፈናል ማለት ነው። ለመኖሪያ ቤት ኪራይ የመጀመሪያው ይበቃል። ውሉ ሁለተኛውን ከጠየቀ የመድን ድርጅትዎን ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ አይፈቅዱም፣ አከራዩም ይህን ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ይስማማል።

ከዚሁ አንቀጽ አጠገብ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ የአፓርታማ አስተዳደሮች ተከራዩ የራሱን መድን ካላመጣ በየወሩ ከኪራዩ ጋር ትንሽ ክፍያ ይጨምሩና ተከራዩን በራሳቸው የኃላፊነት ፕሮግራም ውስጥ ያስገቡታል። ተከራዩ ደረሰኙ ላይ «ኃላፊነት» የሚል ቃል ሲያይ መድን ያለው ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው የአከራዩን ሕንፃ ነው፤ ለተከራዩ ዕቃም፣ ለማደሪያውም፣ ለጎረቤቱ ጉዳትም ምንም ላይከፍል ይችላል። በየወሩ የሚከፍሉት የማይታወቅ አሥር ወይም አሥራ አምስት ዶላር ካለ ወረቀቱን አስመጥተው ያንብቡ። የራስዎ ሙሉ መድን ዋጋው ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ሁለተኛው የጉዳት አንቀጽ ነው። «ተከራዩ ወይም እንግዳው በቸልተኝነት ላደረሰው ጉዳት ይከፍላል» ቢል የተለመደ ነው፤ ሕጉም ባይጻፍ ያንኑ ይላል። «በማናቸውም ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ሁሉ ይከፍላል» ቢል ግን ሌላ ነገር ነው። ጥፋት ባይኖርብዎትም ክፈሉ እያለዎት ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር ሲያገኙ «በተከራዩ ቸልተኝነት ምክንያት» የሚሉ ቃላት እንዲገቡ ከመፈረምዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ። አከራዮች ይህን ለውጥ ከሚገምቱት በላይ በቀላሉ ይቀበሉታል፤ ችግሩ የሚጠይቃቸው ሰው አለመኖሩ ነው።

ሦስተኛው አከራዩን ከኃላፊነት ነፃ የሚያወጣው አንቀጽ ነው፦ «አከራዩ በግቢው ውስጥ ለሚደርስ ማናቸውም ጉዳት አይጠየቅም» የሚለው። ይህ አንቀጽ በብዙ ግዛቶች የተጻፈበትን ወረቀት ያህል እንኳ ዋጋ የለውም። በ1972 የወጣውና ብዙ ግዛቶች የተቀበሉት የአከራይና የተከራይ ሞዴል ሕግ በመኖሪያ ቤት ኪራይ እንዲህ ዓይነት አንቀጽ እንዳይገባ ይከለክላል። የካሊፎርኒያ ሕግም አከራዩ ሰው እንዳይጎዳ ሊያደርግ የሚገባውን ጥንቃቄ በውል ማስቀረት እንደማይቻል ይናገራል። በሜሪላንድ ደግሞ እንደ ደረጃና አሳንሰር ባሉ የጋራ መገልገያዎች ላይ አከራዩ በራሱ ቸልተኝነት ለሚያደርሰው ጉዳት ራሱን ነፃ ማውጣት አይችልም። አንቀጹን በውልዎ ውስጥ ቢያገኙ አይደንግጡ፤ የበሰበሰ የደረጃ መደገፊያ ቢጥልዎት ግን «ፈርሜያለሁ» ብለው ዝም አይበሉ።

አራተኛው፣ ከሁሉም በላይ የሚከብደው፣ መድን ድርጅቶች እርስ በርስ ስለሚያደርጉት ክስ የሚናገረው ነው። ለእርሱ የራሱ ቦታ ይሰጠው።

3. የአከራዩ መድን ድርጅት ተከራዩን መክሰስ ይችል እንደሆነ ያጣሩ

አከራዩ ካሳውን ከመድን ድርጅቱ ሲቀበል ነገሩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። ድርጅቱ የከፈለውን ገንዘብ ጉዳቱን ካደረሰው ሰው ለማስመለስ በአከራዩ እግር ተተክቶ ይከሳል። የሕግ ሰዎች ይህን የዳረጎት መብት ይሉታል። ተከራዩ ከስድስት ወር በኋላ ከማያውቀው ድርጅት የስድሳ ሺህ ዶላር ደብዳቤ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ መብት በተከራይ ላይ ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለው ከግዛት ግዛት ይለያያል። በ1975 የኦክላሆማ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንድ ልጅ በኬሚስትሪ መጫወቻው ሲሞክር ያስነሳውን እሳት ተመልክቶ የልጁ አባት፣ ማለትም ተከራዩ፣ በአከራዩ መድን ድርጅት ሊከሰስ አይገባም አለ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፦ አከራዩ ለመድን የሚከፍለውን አረቦን የሚያገኘው ከኪራዩ ነው፣ ስለዚህ ተከራዩም ለዚያ የእሳት መድን ከፍሏል፤ የራስን መድን ገቢ ደግሞ መክሰስ አይቻልም። ይህ በክሱ ስም «የሳተን ደንብ» ተብሎ ብዙ ግዛቶች ተቀብለውታል። ሌሎች ግዛቶች አልተቀበሉትም። የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2005 መካከለኛውን መንገድ መረጠ፦ የኪራይ ውሉ በሙሉ ይነበብ፣ ሁለቱ ወገኖች ምን ጠብቀው እንደተዋዋሉ ከውሉ ይታይ አለ።

ስለዚህ ውሉ ላይ የተጻፈው ይወስናል። «ተከራዩ ለእሳት ጉዳት ይከፍላል፣ የራሱንም የኃላፊነት መድን ይግባ» የሚል ውል ጉዳዩ እንደየውሉ በሚታይበት ግዛት ለክስ በር ይከፍታል። «ሁለቱም ወገኖች በመድን ለተሸፈነ ጉዳት እርስ በርስ ላለመጠያየቅ ተስማምተዋል» የሚል አንቀጽ ደግሞ በሩን ይዘጋዋል። መደበኛዎቹ የመድን ውሎች መድን ገቢው ከጉዳቱ በፊት በጽሑፍ ይህን መብት እንዲተው ይፈቅዱለታል። ከጉዳቱ በኋላ ግን አይቻልም፤ አከራዩ እሳቱ ከጠፋ በኋላ አዝኖልዎ «አልጠይቃትም» ብሎ ቢፈርም የራሱን ካሳ ሊያጣ ይችላል።

እኔ አንድ አንቀጽ ብቻ አስጨምሩ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። ትልልቅ አስተዳደሮች የታተመ ውላቸውን ላይለውጡ ይችላሉ፤ ቤቱን ራሱ የሚያከራይ ግለሰብ ግን ለመድን ድርጅቱ ስልክ ደውሎ ከጠየቀ በኋላ ሊስማማ ይችላል።

4. የመድን ውሉን የኃላፊነት ክፍል ይክፈቱና «ከሽፋን ውጭ» የሚለውን ያንብቡ

አሁን ወደ ሁለተኛው ወረቀት ይሂዱ። መጀመሪያ ላይ ያለው የመግለጫ ገጽ የሽፋኖቹን ጣሪያ ያሳያል። የሚፈልጉት ግን ወደ ኋላ ያለውን፣ ማንም የማያነበውን ክፍል ነው። በመደበኛው የተከራይ መድን የኃላፊነት ክፍል ውስጥ እንዲህ የሚል ሐሳብ ያገኛሉ፦ መድን ገቢው በተከራየው፣ በሚኖርበት ወይም በእጁ ባለ ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት ድርጅቱ አይከፍልም፤ ይህ ግን ጉዳቱ የደረሰው በእሳት፣ በጭስ ወይም በፍንዳታ ከሆነ አይሠራም።

ቀስ ብለው እንደገና ያንብቡት። የተከራዩት ቤት ራሱ በመርሕ ደረጃ ከሽፋን ውጭ ነው። በእሳት፣ በጭስና በፍንዳታ ብቻ ተመልሶ ይገባል። ውኃ በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ስለዚህ የመታጠቢያ ገንዳው ቧንቧ ተከፍቶ ቢረሳና ውኃው ቢፈስ ሁለት ጉዳቶች ይለያያሉ። ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያና ዕቃ የተከራዩት ንብረት ስላልሆነ መድንዎ ይከፍላል። የራስዎ ቤት ወለልና ግድግዳ ግን የተከራዩት ንብረት ነው፤ ድርጅቱ «አልሸፍንም» ሊል ይችላል። የእንጨት ወለሉን ለመቀየር 5,400 ዶላር ቢጠየቅ፣ አከራዩ 2,100 ዶላር መያዣ ገንዘብዎን ቢያስቀርም 3,300 ዶላር ከኪስዎ ይቀራል። የኪራይ ውሉ «ለውኃ ጉዳት ተከራዩ ይከፍላል» ይላል፣ የመድን ውሉ ደግሞ ዝም ይላል። ከላይ ያልኩት ክፍተት ይህ ነው።

ክፍተቱን ለመዝጋት የመድን ድርጅቱን በዚህ አባባል ይጠይቁ፦ «የኃላፊነት ሽፋኔ በተከራየሁት ቤት ላይ በድንገት ለሚደርስ የውኃ ጉዳት ይከፍላል?» አንዳንድ ድርጅቶች ውላቸው ውስጥ አስገብተውታል፣ አንዳንዶቹ በተጨማሪ ክፍያ ይሸጡታል፣ አንዳንዶቹ የላቸውም። መልሱን በኢሜይል ይቀበሉ። «ሙሉ ሽፋን አለዎት» የሚል የስልክ መልስ መልስ አይደለም።

5. እሳቱን በቁጥር ይከተሉ

ወደ ተከራይዋ እንመለስ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። ወርሃዊ ኪራይዋ 2,100 ዶላር ነው። መድኗ ለዕቃ 20,000፣ ለኃላፊነት 100,000 ዶላር ይሸፍናል፤ ከዕቃ ካሳ ላይ የሚቀነሰው የራሷ ድርሻ 500 ዶላር ነው። አከራዩ በመድኑ ላይ 2,500 ዶላር የራስ ድርሻ አለበት። ቤቱ የሚገኘው ዳረጎት በተከራይ ላይ በሚፈቀድበት ግዛት ነው፤ ውሉ ውስጥም መብቱን የሚያስቀር አንቀጽ የለም።

ሕንፃውን ለመጠገን 62,000 ዶላር ይፈጃል፤ የታችኛው ቤት ጣሪያም በዚህ ውስጥ ነው። የአከራዩ መድን 2,500 ቀንሶ 59,500 ይከፍላል። ጥገናው አራት ወር ስለወሰደ የቀረውን ኪራይ 8,400 ይጨምራል። በድምሩ 67,900 ዶላር ከፍሎ ወደ ተከራይዋ ይዞራል። አከራዩ በራሱ በኩል የቀረበትን 2,500 ይጠይቃል። የታችኛው ጎረቤት ለረጠበ ሶፋውና ለተበላሸ ቴሌቪዥኑ 6,300 ይጠይቃል። ሲደመር 76,700 ዶላር። ጉዳቱ የእሳት፣ የጭስና የጎረቤት ንብረት ስለሆነ የተከራይዋ የኃላፊነት ሽፋን ሁሉንም ይይዘዋል። በኃላፊነት ሽፋን ላይ የራስ ድርሻ አይቀነስም፤ በመደበኛው ውል የጠበቃው ወጪም ከመቶ ሺው ላይ አይወሰድም። ከሽፋኑ ጣሪያ ገና 23,300 ዶላር ይቀራል።

እሳቱ ግን ወደ ሁለተኛ ቤት ቢሻገር ኖሮ መቶ ሺው አይበቃም ነበር፤ የተረፈውን ተከራይዋ ራሷ ትሸከመዋለች። የኪራይ ውሉ መቶ ሺህ ስለጠየቀ መቶ ሺህ በቂ ነው ማለት አይደለም። ያ ቁጥር አከራዩ የሚቀበለው ዝቅተኛው ነው። ወደ ሦስት መቶ ሺህ ለማሳደግ በዓመት የሚጨመረው አረቦን አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ስለሆነ ሁለቱንም ዋጋ ጠይቀው ያወዳድሩ።

አሁን ወደ ዕቃዋ። አዲስ ለመግዛት 14,800 ዶላር ያስፈልጋል። መድኗ «በአዲስ ዋጋ» የሚተካ ነው፤ እንዲህ ሆኖም ድርጅቱ ሙሉውን ወዲያው አይሰጣትም። መጀመሪያ ዕቃው ከእርጅናው ጋር ያለውን ዋጋ ይገምታል። ያ 8,200 ቢሆን 500 ቀንሶ 7,700 ይከፍላል። የቀረውን 6,600 የሚሰጣት ዕቃውን ገዝታ ደረሰኝ ስታቀርብ ነው። ብዙ ሰዎች የመጀመሪያውን ቼክ ተቀብለው «ይኸው ነው» ብለው ይተዉታል፤ ሁለተኛው ገንዘብ ጊዜ ገደብ ስላለው እዚያው ይቀራል። መድኗ ከእርጅና ጋር የሚተካው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ቼክ ጨርሶ አይኖርም ነበር።

ለማደሪያ የሚከፈለው ደግሞ ጭማሪውን ብቻ ነው። በወር 3,000 ዶላር የሚከራይ ጊዜያዊ ቤት ገባች እንበል። ቤቱ መኖሪያ ስላልሆነ የድሮውን 2,100 አትከፍልም፤ ስለዚህ መድኑ የሚሰጣት በወር 900፣ በአራት ወር 3,600 ነው። ሙሉ ሦስት ሺህ ጠብቆ ውድ ቤት የገባ ሰው ይቸገራል።

6. ጉዳት ሲደርስና ደብዳቤው ሲመጣ

በዚያው ቀን ፎቶ ያንሱ፤ ከመጠረጉ በፊት። ለራስዎ መድን ድርጅት ያሳውቁ፤ የጠፋብዎ ዕቃ ባይኖርም እንኳ። የኃላፊነት ሽፋኑ እንዲሠራ ድርጅቱ በጊዜው ማወቅ አለበት።

ለአከራዩ ይቅርታ መጠየቅ ሰውነት ነው፤ «ሁሉንም እከፍላለሁ» ብሎ መፈረም ግን ሌላ ነው። የመድን ውልዎ ያለ ድርጅቱ ፈቃድ በራስዎ ፍላጎት ክፍያ እንዳይገቡ ወይም ግዴታ እንዳይቀበሉ ይላል። ገብተው ከተገኙ ወጪው የራስዎ ይሆናል።

ከወራት በኋላ ከአከራዩ መድን ድርጅት ወይም ከጠበቃ ደብዳቤ ሲመጣ ራስዎ አይመልሱ፣ መሳቢያ ውስጥም አይክተቱት። ከነፖስታው ለመድን ድርጅትዎ ይላኩ። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከሆነ በዚያው ቀን ይላኩ፤ መልስ ሳይሰጥ ቀኑ ካለፈ ፍርድ በሌሉበት ሊሰጥ ይችላል። ጠበቃ የማቆም ግዴታ የድርጅቱ ነው፤ ግዴታው የሚጀምረው ግን ሲያውቅ ነው።

7. ቤት የሚያከራዩ ከሆነ

እርስዎ አከራዩ ከሆኑ ትልቁ ስሕተት የሚፈጠረው ከራስዎ ቤት ወጥተው የድሮውን ቤት ሲያከራዩት ነው። የባለቤት መኖሪያ መድን የሚሸፍነው እርስዎ የሚኖሩበትን ቤት ነው። ወጥተው ሌላ ሰው አስገብተው መድኑን ሳይለውጡ አረቦኑን በየዓመቱ ቢከፍሉ እንኳ፣ እሳት ሲነሳ ድርጅቱ «እዚህ አይኖሩም» ብሎ ሊከለክል ይችላል። ብድር የሰጠዎት ባንክም ስላልጠየቀ ማንም አያስታውስዎትም። ተከራዩ ቁልፍ ከመቀበሉ በፊት ወደ አከራይ መድን ያዛውሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ዲ ፒ 3 የሚባለው ነው።

ዲ ፒ 3 ሲገዙ አንድ ጥያቄ አይርሱ፦ «የኃላፊነት ሽፋን አለበት?» መደበኛው ቅጽ የሚሸፍነው ሕንፃውንና ኪራዩን ነው። የተከራይ እንግዳ በተነቀለ የደረጃ መደገፊያ ምክንያት ወድቆ እግሩ ቢሰበር የሚከፍለው የኃላፊነት ክፍል ለብቻው ይጨመራል። አንዳንድ ድርጅቶች አብረው ይሸጡታል፤ መግለጫ ገጹ ላይ ቁጥሩን በዓይንዎ ካላዩ ግን የለም ብለው ይቁጠሩ። የቀረ ኪራይ ሽፋኑም የሚከፍለው ቤቱ በተሸፈነ አደጋ ሲበላሽ ነው፤ ተከራዩ ኪራይ ስላልከፈለ አይከፍልም። ቤቱ ባዶ ሆኖ ከስድሳ ቀን በላይ ቢቆይ ደግሞ ሰው ሆን ብሎ ለሚያደርሰው ጥፋት ሽፋኑ ሊቋረጥ ስለሚችል በሁለት ተከራዮች መካከል ያለውን ጊዜ ይቁጠሩ።

የኪራይ ውሉ ከእርስዎ የሚጠብቀው ቤቱን በጤናማ ሁኔታ መያዝን ነው፤ ይህም በእሳት ጉዳይ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ከላይ ያለው እሳት ከምድጃ ሳይሆን ከግድግዳ ሶኬት ተነሳ እንበል። ተከራይዋ በመጋቢት «ሶኬቱ ብልጭታ ይሰጣል» ብላ ኢሜይል ልካለች፤ እርስዎ አልመለሱም፤ እሳቱ በግንቦት ተነሳ። አሁን አቅጣጫው ይገለበጣል። ዳረጎቱ የሚመጣው ከተከራይዋ መድን ድርጅት ወደ እርስዎ ነው፤ ለዕቃዋና ለማደሪያዋ የከፈለውን ከእርስዎ የኃላፊነት ሽፋን ይጠይቃል። ያ ኢሜይል ከነቀኑ ማስረጃ ነው። ለተከራይም ትምህርቱ ይኸው ነው፦ ብልሽትን በስልክ ተናግረው አይተዉት፣ ይጻፉት።

8. ከመፈረም በፊት ያለው አንድ ሰዓት

ቁጭ ብለው የኪራይ ውሉንና የመድን ውሉን ሲያስተያዩ ለእያንዳንዱ «ተከራዩ ይከፍላል» ለሚል ዐረፍተ ነገር ሦስት ጉዳቶችን ይሞክሩበት፦ እሳት፣ ውኃ፣ የወደቀ እንግዳ። በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ይጻፉ፤ በየመስመሩ አጠገብ የመድን ውሉን ገጽ ቁጥር ያስቀምጡ። ገጽ ቁጥር ያላገኙለት መስመር ክፍተትዎ ነው፤ ለእርሱ ወይ ሽፋን ይግዙ፣ ወይ አንቀጹን ያስለውጡ፣ ወይ አውቀው ይሸከሙት። ጎርፍ የሚያሰጋው ቦታ ከሆነ አራተኛ መስመር ይጨምሩ። ተራው የተከራይ መድን ጎርፍን ስለማይሸፍን በብሔራዊው የጎርፍ መድን ፕሮግራም ለተከራይ ዕቃ እስከ 100,000 ዶላር የሚሸፍን የራሱ ውል አለ፤ ብዙ ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከተገዛ ከሠላሳ ቀን በኋላ ነው፣ ስለዚህ ዝናቡን ሰምተው የሚገዙት አይደለም።

ውድ ጌጥ ካለዎት የስርቆት ጣሪያውንም በዚያው ይዩት። ሃያ ሺህ ዶላር የዕቃ ሽፋን ያለው ሰው የአምስት ሺህ ዶላር ወርቅ ቢሰረቅበት በብዙ ውሎች የሚያገኘው 1,500 ዶላር ነው። ለጌጡ በስሙ የተመዘገበ ተጨማሪ ሽፋን ያስፈልገዋል፤ ለዚያም የወርቅ ቤት ግምት ወረቀትና ፎቶ ይጠየቃል።